ከሺህ ቃል አንድ ቃል፦ የፌስቡክ የስሜት ሙከራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 11 እስከ 18 ቀን 2012 ባለው ሳምንት ፌስቡክ 689,003 ተጠቃሚዎቹ በገጻቸው የሚያዩትን የወዳጆቻቸውን ጽሑፍ፣ እነሱ ሳያውቁ፣ በከፊል ይጋርድባቸው ነበር። ጥናቱን የሠሩት የኩባንያው ተመራማሪ አዳም ክሬመር እና ሁለት ባልደረቦቹ ጄሚ ጊሎሪና ጄፍሪ ሃንኮክ ናቸው፤ የታተመው በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ነው። ከወጣ በኋላ የተነሳው ጫጫታ በአብዛኛው «ሰው ሳይጠየቅ እንዴት ይሞከርበታል?» የሚል ነበር። መጽሔቱም በዚሁ የፈቃድ ጉዳይ ስጋቱን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አውጥቷል። እኛ እዚህ የምናየው ሌላውን፣ ያኔ ብዙም ያልተነካውን ጥያቄ ነው፦ የተገኘው ልዩነት ምን ያህል ነበር? እንዲህ ያለ ውጤት በጽሑፉ የውይይት ክፍል ውስጥስ እንዴት መቅረብ ነበረበት?

አሠራሩን በአጭሩ እንይ። ሁለት ሙከራዎች ጎን ለጎን ተካሂደዋል። በአንደኛው፣ ቢያንስ አንድ አዎንታዊ ቃል ያለበት የወዳጅ ጽሑፍ ከሚታየው ዝርዝር የመቀነስ ዕድል ተሰጠው፤ በሁለተኛው፣ አሉታዊ ቃል ያለበት። ዕድሉ እንደየሰው ከ10 እስከ 90 ፐርሰንት ይለያያል። የተጋረደው ጽሑፍ አልጠፋም፤ ሰውዬው ወደ ወዳጁ ገጽ ቢገባ ያገኘዋል። በጊዜው ከነበሩት ጽሑፎች 46.8 ፐርሰንቱ አዎንታዊ፣ 22.4 ፐርሰንቱ አሉታዊ ቃል ስለነበረባቸው አንዱን ዓይነት መጋረድ ሌላውን ከመጋረድ እጥፍ ያህል ጽሑፍ ያስቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ የራሱ የቁጥጥር ቡድን ያስፈልገው ነበር። አዎንታዊ ጽሑፍ በ10 ፐርሰንት ዕድል ለሚጋረድበት ሰው፣ አቻው በቁጥጥር ቡድን ውስጥ ከጠቅላላው ጽሑፍ 4.68 ፐርሰንቱ ያለ ምርጫ የተቀነሰበት ሰው ነው። ይህ ንጹህ ሥራ ነው። ምደባው በዕጣ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽም ቢሆን «ከሌላ ነገር የመጣ ነው» ብሎ ለመጣል ያስቸግራል። በዕጣ ያልተመደበ ጥናት ላይ ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ቢገኝ ኖሮ መወያየቱም ባላስፈለገ፤ ሳይለካ የቀረ አንድ ጥቃቅን ምክንያት ብቻውን ሊያመጣው ይችላል።

የተለካው ነገር ደግሞ ሰዎቹ በዚያ ሳምንት ራሳቸው ከጻፉት ውስጥ ስንት ፐርሰንቱ አዎንታዊ፣ ስንት ፐርሰንቱ አሉታዊ ቃል እንደሆነ ነው። ቆጠራውን የሠራው ሊውክ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ፣ ከ122 ሚሊዮን በላይ ቃል ተቆጥሯል።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። አዎንታዊ ጽሑፍ የተቀነሰባቸው ሰዎች የጻፉት አዎንታዊ ቃል ከቁጥጥር ቡድኑ በ0.1 የፐርሰንት ነጥብ አነሰ፤ የቲ ዋጋው 5.63፣ የፒ ዋጋው፣ ማለትም እውነተኛ ውጤት ባይኖር ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል፣ ከ0.001 በታች። የጻፉት አሉታዊ ቃል ደግሞ በ0.04 የፐርሰንት ነጥብ ጨመረ፤ ቲ 2.71፣ ፒ 0.007። አሉታዊ ጽሑፍ የተቀነሰባቸው በተቃራኒው አሉታዊ ቃላቸው በ0.07 አነሰ፣ አዎንታዊው በ0.06 ጨመረ። አራቱም ልዩነቶች «ጉልህ» ናቸው፣ ማለትም ፒያቸው ከተለመደው የ0.05 ድንበር በታች ነው፤ አራቱም አቅጣጫቸው ስሜት ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ከሚለው ግምት ጋር ይገጥማል።

አሁን የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዘን ቀስ ብለን እንፍታው። ሁለት እኩል ቡድኖች ሲነጻጸሩ ቲ የሚባለው ቁጥር የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ የልዩነቱ መጠን ግማሽ (ኮሄን ዲ የሚባለው፣ ማለትም ልዩነቱ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ሲካፈል) እና የጠቅላላው ናሙና ስኩዌር ሩት። በዚህ ሙከራ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጻፉት ሰዎች በሁለቱ ቡድን 310,046 ናቸው፤ ስኩዌር ሩቱ 557 ገደማ። ዲ 0.02 ነው፤ ግማሹ 0.01። 0.01 በ557 ሲባዛ 5.57 ይሆናል፤ በጽሑፉ ላይ ካለው 5.63 ጋር ያለው ትንሽ ልዩነት ዲ በመጠጋጋቱ የመጣ ነው። ስለዚህ ያ አስደናቂ 5.63 ከየት እንደመጣ ይታያል፦ 557ቱ የሰው ብዛት ነው፣ የፌስቡክ ስሜት የማጋባት ኃይል ያለው በ0.01ዋ ውስጥ ነው። ያው ልዩነት ሳይነካ ሰዎቹ 310 ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ቲ 0.18፣ ፒ 0.86 ይሆን ነበር፤ ተማሪው «ምንም ልዩነት አልተገኘም» ብሎ ይጽፍና ይሄዳል። በሰው ባሕርይ ላይ የደረሰው ነገር ግን በሁለቱም አንድ ነው።

ከዚህ የሚከተል ጠቃሚ ስሌት አለ። በ310 ሺህ ሰው ናሙና ላይ ፒ ከ0.05 በታች እንዲወርድ የሚያስፈልገው ዲ 0.007 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ማንኛውም ልዩነት በሠንጠረዥ ላይ የጉልህነት ምልክት የሆነው ኮከብ ይለጠፍበታል። ይህን ድንበር ውጤት ከማየት በፊት አስልቶ መጻፍ ይበጃል፤ ምክንያቱም አንባቢው ወዲያው «በዚህ ናሙና ጉልህ መሆን ራሱ ወሬ አይደለም» ብሎ ወደ መጠኑ ያልፋል።

የቲ ቀመሩ ሌላም አገልግሎት አለው፤ የታተመን ቁጥር መፈተሻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ለሁለተኛው ልዩነት (አሉታዊ ቃል በ0.04 መጨመሩ) የተሰጠው ዲ 0.001 ነው። ቲው 2.71 ከሆነ ግን፦

```
t <- 2.71
n <- 310046
2 * t / sqrt(n)
# 0.0097
```

ማለትም 0.01 ገደማ፤ በጽሑፉ ካለው አሥር እጥፍ። ዲ እውነት 0.001 ቢሆን ኖሮ ቲ 0.28 ገደማ ይሆንና ጉልህ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ትንተናው ክብደት የተሰጠው ሪግሬሽን ስለሆነ ቀመሩ ፍጹም አይገጥምም፤ ሆኖም በሌሎቹ ሦስት ቁጥሮች ላይ ሲሞከር በትክክል ይመጣል፣ እዚህ ብቻ በአንድ ዜሮ ይለያል። የጽሑፍ ስህተት ይመስላል። የሚገርመው ይኸው 0.001 በውይይቱ ክፍልም ተመልሶ መጠቀሱና ዋናው መከራከሪያ በእሱ ላይ መቆሙ ነው። መጠኑ 0.01ም ሆነ 0.001 ፍርዱ ብዙ አይለወጥም፤ ግን የውጤት መጠን በጽሑፍ ሥራ ውስጥ ምን ያህል በግዴለሽነት እንደሚታይ ያሳያል። የፒ ዋጋ ላይ አንድ ዜሮ ቢሳሳት ሦስት ገምጋሚ ይጮህ ነበር።

ቀጥሎ ቁጥሩን ሰው በሚኖርበት መለኪያ መመንዘር ነው። ዲ 0.02 ለስታቲስቲክስ ሰው ይበቃል፣ ለሌላው ግን ምንም አይነግርም። 122 ሚሊዮኑን ቃል ለጻፉት 620 ሺህ ያህል ሰዎች ብናካፍል በሳምንት ለአንድ ሰው 200 ቃል ገደማ ይደርሳል። 0.1 የፐርሰንት ነጥብ ከሺህ ቃል አንድ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ መደበኛ ተጠቃሚ በዚያ ልማዱ እየጻፈ፣ ሙከራውም ሳይቋረጥበት፣ አንድ አዎንታዊ ቃል ለማጉደል አምስት ሳምንት ይፈጅበታል። አንድ አሉታዊ ቃል ለመጨመር ደግሞ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ይቀረዋል። በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል፦ ከሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ሰው በዕጣ እያወጣን አንድ ሺህ ጥንድ ብናወዳድር፣ ስርጭቱ የተለመደውን የደወል ቅርጽ ይዟል ብለን፣ በ506ቱ የቁጥጥር ቡድኑ ሰው የበለጠ አዎንታዊ ሆኖ ይገኛል፣ በ494ቱ ደግሞ የተጋረደበት። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይለይም።

የመተማመኛ ክልሉም፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለው የቁጥር ወሰን፣ ይነገር። ለአዎንታዊው ልዩነት ከ0.065 እስከ 0.135፣ ለአሉታዊው ከ0.01 እስከ 0.07 የፐርሰንት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ክልሉን የሚያነበው ዜሮን ነካ ወይስ አልነካም ለማለት ብቻ ነው። በትልቅ ናሙና ላይ ግን የሚጠቅመው የላይኛው ጫፍ ነው፦ መረጃው የሚፈቅደው ትልቁ ውጤት እንኳ ከሺህ ቃል አንድ ተኩል አይሞላም። ትንሽ ናሙና ቢሆን «ምናልባት ትልቅ ውጤት አለ፣ አላየነውም» የሚባልበት ክፍተት ይኖር ነበር፤ እዚህ ናሙናው ያንን በር ዘግቶታል። የትልቅ ናሙና እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፣ ትንሽነቱን በእርግጠኝነት መናገር ማስቻሉ፤ እና ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ሳይጠቀሙበት ያልፋሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፣ ወደ መለኪያው። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ቃል ሲሆን ከሺህ አንድ ጊዜ የሚሳሳት ቆጣሪም ያስፈራል። ሊውክ የሚሠራው በቃል ዝርዝር ነው፤ በእንግሊዝኛ «ደስተኛ» የሚለውን ቃል ካየ፣ ፊቱ «አይደለሁም» ቢኖርም ባይኖርም አዎንታዊ ብሎ ይቆጥረዋል። በአማርኛ ቢሠራ እንዴት ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ነገሩን ያቀርበዋል (ጥናቱ ፌስቡክን በእንግሊዝኛ የሚጠቀሙትን ብቻ ነው የወሰደው)። ቆጣሪው «ደስ» የሚለውን ይፈልጋል እንበል። «ደስ አለኝ» አንድ አዎንታዊ፤ «ደስ አላለኝም» እሱም አንድ አዎንታዊ፤ «ደስ የማይል ነገር ገጠመኝ» አሁንም አንድ አዎንታዊ። አፍራሹ ያለው ግሱ ውስጥ ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ ግሱን አያይም።

«ስህተቱ በሁለቱም ቡድን እኩል ስለሆነ ይጠፋፋል» የሚል መልስ አለ፤ ግማሽ እውነት ነው። እኩል ከሆነ ልዩነቱን አይፈጥርም። ሆኖም ሙከራው ራሱ የሰዎቹን የአጻጻፍ ልማድ ከነካ ስህተቱ እኩል መሆኑ ይቀራል። ወዳጆቹ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲሉ ያላየ ሰው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ አይመልስም። ቆጣሪው ያንን አንድ አዎንታዊ ቃል እንደ ጎደለ ይመዘግባል። የሰውዬው ስሜት ግን አልተነካም፣ ሰላምታ የሚመልስበት አጋጣሚ ብቻ ነው የቀረበት። ከሺህ አንድ ቃል ለማጉደል ይህ ይበቃል። ልዩነቱ ከሺህ ሃምሳ ቃል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሳቅ ያስነሳ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ውጤት ሲገኝ የውይይቱ ክፍል መጠየቅ ያለበት «ይህን ለማምጣት የሚበቃ ሌላ ተራ ነገር አለ?» ተብሎ ነው፤ በትንሽ ውጤት ላይ ደግሞ ተራ ነገር ሁሉ ይበቃል። ናሙና ማብዛት የዕድልን ስህተት ያጠፋል፣ የመለኪያን ስህተት ግን አይነካም፤ እንዲያውም እሱንም ጉልህ ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ውጤት ተቀብሮ አለ። አዎንታዊ ጽሑፍ የተቀነሰባቸው ሰዎች በጠቅላላ የጻፉት ቃል ከቁጥጥር ቡድኑ 96.7 ፐርሰንት ብቻ ነበር። በሳምንት 200 ቃል ለሚጽፍ ሰው ስድስት ሰባት ቃል መቀነስ ነው፤ ከአዎንታዊው ቃል መጉደል (በሳምንት 0.2 ቃል) ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ለፌስቡክ እንደ ንግድ ይህ የበለጠ ትርጉም ያለው ቁጥር ይመስለናል። ርዕስ የሆነው ግን የስሜት መጋባቱ ነው፣ ምክንያቱም የጥናቱ መላምት እሱ ነበር።

ደራሲዎቹ ስለ ትንሽነቱ ዝም አላሉም፤ ይህ ሊመሰገንላቸው ይገባል። የሰጡት መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የነካኩት ነገር ራሱ ደካማ ነው፤ አንድ ሳምንት፣ የወዳጅ ጽሑፍ በከፊል መጋረድ፤ ከዚህ ደካማ ግፊት ትንሽም ቢሆን መለካቱ ለንድፈ ሐሳቡ ይቆጠራል። ይህ ተገቢ መልስ ነው። «ስሜት ፊት ለፊት ሳይገናኙ ይጋባል ወይ?» ለሚል ጥያቄ አቅጣጫው ብቻ ይበቃል፣ የመለኪያው ጣጣ እስካላደፈረሰው ድረስ።

ሁለተኛው መልስ የተጠቃሚው ብዛት ነው። ዲ 0.001 እንኳ በፌስቡክ ስፋት ሲታሰብ በ2013 መጀመሪያ ላይ በቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የስሜት መግለጫ ይሆናል አሉ። በዚህ ላይ አንስማማም። ማንኛውም ከዜሮ የተለየ ቁጥር በቢሊዮን ሲባዛ ትልቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ክርክሩ ለማንኛውም ውጤት የሚሠራ ነው፣ የሚለየው ነገር የለም። ብዜቱ ከቀረበ አካፋዩም አብሮ መቅረብ አለበት፦ በመቶ ሺዎች ከስንት መቶ ሚሊዮን ጽሑፍ ውስጥ? ደግሞም የአንድ ሺህ ሰው አንድ ሺህኛ ሐዘን ተደምሮ የአንድ ሰው ሐዘን አይሆንም።

መደመሩ የሚያስኬድበት ቦታ ግን አለ፤ ልዩነቱን ለማየት የአስፕሪንን ጥናት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ 22,071 ወንድ ሐኪሞች በዕጣ ተመድበው ግማሹ አስፕሪን፣ ግማሹ መድኃኒት አልባ ክኒን ለአምስት ዓመት ያህል ወሰዱ። ከአስፕሪኖቹ 11,037 ውስጥ 104ቱ፣ ከሌሎቹ 11,034 ውስጥ 189ኙ የልብ ድካም ደረሰባቸው በሚል ውጤቱ በ1988 ወጣ። ልዩነቱ ከመቶ 0.77 ነው፤ በኮሪሌሽን መልክ ሲሰላ ከ0.04 አይበልጥም፣ «ጥቃቅን» የሚባል ነው። ሆኖም ከ130 ሰው አንዱ ከልብ ድካም ይተርፋል ማለት ነው። እዚህ ያለው አማካይ የብዙ ሰው ብጣሽ ብጣሽ ጥቅም አይደለም፤ ለአንድ ሰው ሙሉ ሆኖ የደረሰ ነገር ነው። የፌስቡኩ አማካይ ግን ሁሉም ሰው ከሺህ አንድ ቃል ማጉደሉን ወይም ጥቂቶች ብዙ አጉድለው ሌሎቹ ንክች አለማለታቸውን አይነግረንም። ሁለተኛው ከሆነ፣ በተለይ እነዚያ ጥቂቶች ቀድሞም የተከፉ ሰዎች ከሆኑ፣ «ትንሽ ነው» ማለትም ችኩልነት ነው። ይህን ለመለየት የሁለቱን ቡድን ስርጭት ጫፎች ማወዳደር ያስፈልግ ነበር፤ መረጃው ለዚያ ይበቃ ነበር፣ በጽሑፉ ግን አማካዩ ብቻ ነው የቀረበው።

ይህን ሁሉ ይዘን የውይይቱን አንቀጽ እኛ ብንጽፈው እንዲህ ይመጣ ነበር፦

> አዎንታዊ ጽሑፍ የተቀነሰባቸው ሰዎች ከጻፉት ውስጥ የአዎንታዊ ቃል ድርሻ በ0.1 የፐርሰንት ነጥብ አነሰ (95 ፐርሰንት የመተማመኛ ክልል ከ0.065 እስከ 0.135)፤ ይህም ከ1,000 ቃል አንድ ቃል ነው። በዚህ ናሙና ከ0.007 በላይ የሆነ ማንኛውም ዲ ጉልህ ስለሚሆን የፒ ዋጋውን የውጤቱ ጥንካሬ ማሳያ አድርገን አንወስደውም። የልዩነቱ አቅጣጫ ስሜት በጽሑፍ ብቻ ሊጋባ ይችላል ከሚለው ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ልዩነት ሰዎች ለሚያዩት ጽሑፍ በተመሳሳይ ቃል ከመመለሳቸው ብቻ ሊመጣ ስለሚችል የስሜት ለውጥ መኖሩን አላረጋገጥንም። በአንድ ተጠቃሚ ደረጃ ተግባራዊ ትርጉም አለው ብለን አናምንም፤ ውጤቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተከማቸ ስለመሆኑ አልመረመርንም።

እዚህ ውስጥ ያለው «ተግባራዊ ትርጉም» የሚለው ፍርድ ከቁጥሩ ብቻ አይወጣም፤ «ከስንት በላይ ቢሆን ግድ ይለን ነበር?» ለሚለው መልስ ይፈልጋል። መልሱ መረጃው ሳይነካ በፊት መጻፍ አለበት፤ ውጤት ከታየ በኋላ የሚወሰን ድንበር ሁልጊዜ ከተገኘው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ ለሚሊዮኖች ብቻ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አይመስለን። የኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የ15,683 ሴቶች መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠቀም ተማሪ፣ ናሙናው ለሁለት እኩል ቢከፈልለት፣ ከ0.03 ጀምሮ ያለ ዲ ኮከብ ይሰጠዋል። ናሙናው በክላስተር የተወሰደ መሆኑ ሲታሰብ ድንበሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን አሁንም ከዓይን የራቀ ልዩነት ነው። ሃያ ተለዋዋጭ የያዘ ሠንጠረዥ ላይ አሥራ አምስት ኮከብ ሲደረደር ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው፤ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ከኮከቡ በስተግራ ያለው ቁጥር ነው።

የፌስቡኩ ጽሑፍ ማጠቃለያ ሰዎቹ አዎንታዊ ጽሑፍ ሲቀነስባቸው አዎንታዊ ጽሑፋቸው እንደቀነሰ፣ አሉታዊው እንደጨመረ ይናገራል፤ በስንት እንደሆነ አንድም ቁጥር የለውም። በርዕሱ ላይ «በግዙፍ ስፋት» የሚል ቃል አለ። ግዙፉ የሰው ብዛት ነው፤ ጋዜጠኞች ግን ውጤቱ ግዙፍ ነው ብለው አነበቡት። ጫጫታው ከተነሳ በኋላ በጁን 2014 መጨረሻ ክሬመር በራሱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ማብራሪያ ሲጽፍ፣ በተከታዩ ሳምንት ሰዎቹ ከሺህ ቃል በአማካይ አንድ የስሜት ቃል ብቻ አሳንሰው እንደጻፉ ገለጸ። በጽሑፉ ማጠቃለያ ውስጥ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር።